ሰኞ ጠዋት የቆጠርኳቸው ክኒኖች

ሰኞ ጠዋት ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ አጎቴ ደወለልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሳልጠጣ አንጎበር ያዘኝ» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነው ያደረው። ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋለትም። ከቅዳሜ ወዲህ ግን አንዲት ቢራ አልቀመሰም። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? የደወለው ይህንኑ ሊጠይቀኝ ነው።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። 11 ዓመት ሆኖኛል። በቀን ከምሸጠው ነገር ሁሉ የሚበዛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ሰዎች ስለ መጠጥና ስለ ማስታገሻ ሲጠይቁኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነበር፤ «ከጠጣህ አትውሰድ፣ ከወሰድክ አትጠጣ።» መልሱ ስህተት አይደለም። ግን አጎቴን አላዳነውም። እንዲያውም እሱ የተጎዳው ይህንኑ ምክር ሰምቶ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አጎቴ ሳቢያን አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። 50 ዓመት አልፎታል፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ቢሆን ነው። ከሰዓት በኋላ ይቅማል፣ ማታ ይጠጣል። ጫቱ ምሳን ያስረሳል። ሲመሽ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል። እሱን ለመስበር ጨብሲ አለ፤ ሦስት አራት ቢራ፣ አንዳንዴም አረቄ። እዚህ ከተማ ይሄ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ሰካራም የሚለው ሰው የለም። ከሥራው ቀርቶ አያውቅም። እኔ ራሴ «ጠጪ ነው» ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ማታ መንጋጋ ጥርሱ ተነሳበት። አብሮት የተቀመጠ ጓደኛው ከኪሱ አንድ ዲክሎፌናክ አውጥቶ ሰጠው፤ ባለ 50 ሚሊግራሙን። ከቢራው ጋር ዋጠው። አርብ ሁለት ጊዜ ደገመ፤ ማታ ደግሞ አረቄ በአፉ እየያዘ ጥርሱን ሲያደነዝዝ አመሸ። ለአፍ የተያዘው አረቄ መጨረሻው ሆድ ነው። አርብ ሌሊት ጨጓራው እሳት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ በማገድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ጥርስ ላይ ሲበዛ ሕመምና እብጠት ያባብሳል። ጨጓራ ውስጥ ግን ዘበኛ ነው። ጨጓራ የራሱን አሲድ ችሎ የሚኖረው በላዩ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ስላለው፣ ከሽፋኑም ሥር አሲድ የሚያበርድ ፈሳሽና በቂ ደም ስለሚደርሰው ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘው ፕሮስታግላንዲን ነው። ክኒኑ የጥርሱን ከጨጓራው ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ያግዳል። ዘበኛው ተነሥቶ ሳለ ደግሞ አረቄ ሲገባ፣ የተራቆተውን ግድግዳ በቀጥታ ያገኘዋል። ሆዱ ባዶ ከሆነ የባሰ ነው።

«መርፌው ይሻላል፣ ጨጓራ አይነካም» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እውነት አይደለም። ዲክሎ በመርፌም ቢገባ በደም ዞሮ ያንኑ ዘበኛ ያስነሳዋል። ከጠጡ በኋላ ለራስ ምታት ዲክሎ መወጋት ጨጓራን ማታለል አይደለም። የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱን ይጨምራል። መጠጥ ውሃ ያስወጣል፣ ፀሐዩም ያደርቃል። ውሃ ያጠረው ኩላሊት ደም ለማግኘት የሚተማመነው በእነዚሁ በታገዱት ፕሮስታግላንዲኖች ነው።

የአጎቴ ጨጓራ ከማቃጠል አላለፈም። ቢደማ ኖሮ በሰገራው ይታወቅ ነበር። ከላይ የደማ ጨጓራ ብዙውን ጊዜ በሰገራ ቀይ ደም አያሳይም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ከተለመደው የተለየ የሚከረፋ ይሆናል። ትውከቱም የቡና አተላ ይመስላል። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራም ይጠቁራል፤ ግን እንደዚያ አያጣብቅም፣ ሽታውም እንደዚያ አይደለም። ከእነዚህ የመድማት ምልክቶች አንዱን ያየ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ደወለልኝ። «ጨጓራዬ ነደደ፣ ሌላ ነገር ንገሪኝ» አለ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ «ዲክሎውን ተው ጋሼ። መጠጡንም ተው። ፓራሲታሞል ውሰድ፣ እሱ ጨጓራ አይነካም» አልኩት። ስንት እንደሚወስድ አልነገርኩትም። በስንት ሰዓቱ እንደሆነም አልነገርኩትም። ምግብ ትበላለህ ወይ ብዬም አልጠየቅኩም። ፓራሲታሞል ነዋ! ማን ስለ ፓራሲታሞል ይጨነቃል?

እሱም ቃሌን አከበረ። መጠጥ ተወ። ጫትም ጥርሱ ስላላስቻለው ተወ። ከጎረቤት መድኃኒት ቤት ፓራሲታሞል ገዛ፣ ጉንፋንም ስለነካካው የጉንፋን ክኒን ጨመረበት። ከሻይ በቀር ምግብ የሚባል አልቀመሰም። ማኘክ አይችልማ።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ባልዲ ታቅፏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከቀኝ ጎድኑ በታች በእጄ ጫን ሳደርገው «አቦ ተይኝ!» ብሎ እጄን ያዘኝ። ሽንቱን ጠየቅኩት። «ኮካ ይመስላል፣ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» አለኝ። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። ነጩ ገና ቢጫ አልሆነም።

ጠረጴዛው ላይ ስትሪፖቹ ነበሩ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ባለ 10 ፍሬ የፓራሲታሞል ስትሪፕ፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ስድስት ቀርቷል። 24 ክኒን ወስዷል ማለት ነው። የጉንፋኑን ክኒን ገልብጬ ከጀርባው ያለውን አነበብኩ። እያንዳንዱ ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አለ። ከሱ ደግሞ ስድስት ሄዷል። 24 እና 6፣ 30 ይሆናል። ሠላሳ ጊዜ 500 ሚሊግራም፣ 15 ግራም። በሁለት ቀን።

«ስንት ስንት ትወስድ ነበር?» አልኩት።

«ሁለት ሁለት። ሲያመኝ ነው እንጂ ዝም ብዬ አልወሰድኩም። በየአራት ሰዓቱ ይመለስብኛል።»

ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን የመጨረሻው መጠን 4 ግራም ነው፤ ባለ 500ውን ስምንት ክኒን ማለት ነው። አዘውትሮ ለሚጠጣ፣ ምግብ ለማይበላ ወይም ለከሳ ሰው ብዙ ሐኪሞች ወደ 2 ግራም ያወርዱታል፤ አራት ክኒን። አጎቴ በቀን ሰባት ግራም ተኩል ነው የወሰደው። እያንዳንዷን ለሕመሙ ነው የዋጣት፤ ራሱን ሊጎዳ ያሰበባት አንዲትም የለችም። ፓራሲታሞል የሚጎዳው ሰው ሁሉ በአንዴ እፍኝ ሙሉ የዋጠ አይደለም። የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው በሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያለ እዚያው ይደርሳል።

አሁን ጉበቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሐረርን ጀጎል አስቡት። በግንቡ ብዙ በር አለ። ፓራሲታሞልም ከጉበት የሚወጣባቸው በሮች አሉት። አብዛኛው በሁለት ሰፋፊ በሮች ምንም ሳይጎዳ ይወጣል፣ በሽንትም ይሄዳል። ትንሹ ክፍል፣ ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆነው፣ በአንዲት ጠባብ በር ያልፋል። በዚያች በር ሲያልፍ ግን መርዝ ይሆናል። ናፕኪ ይሉታል። ደግነቱ በሩ ላይ ግሉታታዮን የሚባል ዘብ ቆሟል። መርዙን ይዞ ያከሽፈዋል። በተገቢው መጠን የወሰደ ሰው ምንም የማይሆነው ለዚህ ነው።

መጠጥ የሚገባው እዚህ ነው። ያችን ጠባብ በር የምትከፍተው አንድ ኤንዛይም አለች። ይህችው ኤንዛይም አልኮልንም ታቃጥላለች። ሰው አዘውትሮ ሲጠጣ ጉበት ሥራው በዛብኝ ብሎ ኤንዛይሟን ያበዛታል። በሩ ሰፋ ማለት ነው። ዘቡ ደግሞ የሚሠራው ከምግብ በሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። የማይበላ ሰው ዘብ ይሳሳበታል። መጠጡ ራሱም ዘቡን ያመናምናል። ሰፊ በር፣ ጥቂት ዘብ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም በቅጡ ያላሰብኩበት ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። አልኮሉ ደም ውስጥ እያለ ኤንዛይሟ በእሱ ተይዛለች። ፓራሲታሞሉ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት መርዙ ብዙም አይወጣም። ሰውየው መጠጡን ሲያቆም ግን አልኮሉ ይሄዳል፣ የተባዛችው ኤንዛይም ትቀራለች። ወደ ቀድሞ ልኳ ለመመለስ ቀናት ይፈጅባታል። እነዚያ ቀናት በሩ ወለል ብሎ የተከፈተባቸው፣ የሚያጨናንቀውም አልኮል የሌለባቸው ናቸው። ሰውየው ክኒኑን የሚውጠው ደግሞ መቼ ነው? ልክ በእነዚያ ቀናት። በማግሥቱ ራሱን ሲያመው። ወይም እንደ አጎቴ፣ የእህቱ ልጅ «መጠጡን ተው፣ ፓራሲታሞል ውሰድ» ስትለው።

እንዲህ ስል ግን ሰው እንዳላስደነግጥ። ቅዳሜ ማታ ሁለት ቢራ የጠጣ፣ እሑድ በልቶ ሁለት ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው ጉበቱ አይሞትም። ጠጪዎች ለጥቂት ቀን በተፈቀደው መጠን ሲወስዱ አብዛኞቹ ምንም እንደማይሆኑ በጥናትም ታይቷል። መጠጥ የሚያደርገው በቂ በሆነው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለውን ርቀት ማጥበብ ነው። ሌላውን ሰው የማያሳስበው ትርፍ፣ ባዶ ሆድ ያለውን ጠጪ ሊጥለው ይችላል።

አጎቴን ይዤ በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ ያየው ሰው ትንፋሹን አሽትቶ ስለ መጠጥ ጠየቀ። አጎቴም ሐቁን ተናገረ። «አንጎበርና ጨጓራ ነው፣ ግሉኮስ ይሰጠውና ይሂድ» ተባለ። ከቦርሳዬ ስትሪፖቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ሐኪሟ መጥታ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ።

የጉበት ምርመራው ሲመጣ ኤኤልቲ የሚባለው ቁጥር በሺዎች ቤት ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ ከ40 ወይም ከ50 ብዙም አይዘልም። ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝና «መጠጥ ብቻውን እዚህ አያደርስም» አለችኝ። ልክ ናት። መጠጥ ጉበትን ሲያቆስል ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ቤት፣ ለዚያውም በዝቅተኛው ላይ ይቆማል። ሺህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር መፈለግ ነው፤ በቅርቡ የያዘ የጉበት ቫይረስ፣ መርዝ ወይም ፓራሲታሞል። የቫይረሱ ምርመራም ተሠራ፣ ነፃ ነው።

ማርከሻ አለው። ኤን አሴቲል ሲስቲን ይባላል። የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ጉበት አዲስ ዘብ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ያቀርባል። በአንዴ ብዙ የዋጠ ሰው በስምንት ሰዓት ውስጥ ከደረሰለት ጉበቱ ሙሉ ለሙሉ ሊተርፍ ይችላል። የዘገየም ቢሆን ይጠቅማል፣ ስለዚህ አልፏል ብሎ አይተውም። በደም ሥር የሚሰጠው በቅርብ አልተገኘም። ግን ይኸው መድኃኒት አክታ ለማቅጠን በሚሟሟ ክኒን ይሸጣል፤ አንዱ 600 ሚሊግራም ነው። እኔ ራሴ ለሳል ስንቴ ሸጬዋለሁ! ሐኪሟ በክብደቱ አሰላች። ለ60 ኪሎ የመጀመሪያው 8.4 ግራም፣ 14 ክኒን ማለት ነው። ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 4.2 ግራም፣ ሰባት ሰባት ክኒን፣ 17 ጊዜ። ይህ በሐኪም እጅ፣ ደምና ትውከት እየታየ የሚደረግ ነው። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

እያሟሟሁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ቀላቅዬ ኩባያውን በሶፍት ሸፍኜ አቀርብለታለሁ። አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል። አንዴ አስመለሰውና ያንኑ መጠን እንደገና ደገምነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወጣ ይደገማልና። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቀሰቅሰው «የኔ እናት፣ ከዚህስ ጥርሱ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

ማክሰኞ ትውከቱ ቆመ። «ድኛለሁ፣ አውጡኝ» አለ። ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችው። የፓራሲታሞል ጉዳት በሁለተኛው ቀን ገደማ ያታልላል። ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፣ ሰው ተሻለኝ ይላል። ጉበቱ ግን በጣም የሚቆስለው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። እንዳለችውም ረቡዕ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሊጠይቁት ከመጡት ዘመዶች አንዷ «ይሄማ ወፍ ነው፣ የሚያጥን ሰው አውቃለሁ» አለች። በፍቅር ነው ያለችው። ግን ስንቱ ሰው ቢጫነትን ሁሉ «ወፍ» ብሎ ሰየመውና ቤቱ ቀረ? የዋጣቸውን ክኒኖች ማንም ሳይቆጥርለት።

የሚፈራው ሦስት ነገር ነበር። ደሙ መርጋት እንዳያቅተው፣ ስኳሩ እንዳይወርድ፣ ቃሉ እንዳይምታታ። ደም የሚያረጋውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ጉበት ነው። የተኛ የሚመስል ሰው ሲቀሰቀስ ቀኑን ከሳተ ጉበቱ እየሰጠመ ሊሆን ይችላል። በየጠዋቱ ነርሷ ቀኑን ስትጠይቀው እኔ ትንፋሼን እይዝ ነበር። «ሐሙስ ነው፣ ደሞዝ የሚከፈልበት» ሲላት እፎይ አልኩ። ከሐሙስ በኋላ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ።

አጎቴ ተረፈ። ጉበት ራሱን የመተካት ጸጋ አለው። ሁሉም ግን እንዲህ አይተርፍም። ሐኪሟ ስታሰናብተው ስለ ጫቱም አነሳችበት። በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። መልስ አልሰጠም።

እኔ ባንኮኒው ጋ ስመለስ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ዛሬ ጠጥተሃል?» ብቻ ብዬ አላቆምም። «በሳምንት ስንት ቀን ትጠጣለህ? ትናንትና ዛሬ ምን በላህ? ቤትህ ሌላ ምን ክኒን አለ?» እላለሁ። የጉንፋን ክኒን ካለ አስመጥቼ ጀርባውን አነባለሁ። አዘውትሮ የሚጠጣና ሳይበላ የዋለ ከሆነ አራት ክኒን ብቻ ቆጥሬ በወረቀት እጠቀልልለታለሁ፤ ለአንድ ቀን፣ አንድ አንድ፣ በየስድስት ሰዓቱ። ሙሉ ስትሪፕ አልሰጥም። አንዳንዱ ይቆጣል። «አቦ፣ ፓራሲታሞል እንጂ ሌላ ነገር ጠየቅኩሽ እንዴ?» ይለኛል። ልክ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እንዳሰብኩት ነው የሚያስበው።

ጥርሱ ወዲያው አልተነቀለም። የጥርስ ሐኪሙ ደሙ በደንብ መርጋቱ እስኪረጋገጥ አልነካም አለ። የተነቀለው በአራተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ወጥተን ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ቆመን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ አጎቴ ጥጡን እንደነከሰ እጁን ዘረጋልኝ። አራቱን ክኒን ሰጠሁት። መዳፉ ላይ ቆጠራቸው፣ ወደ ሸሚዙ ኪስ ከተታቸውና በእጁ ወደ አፉ እያመለከተ የሚበላ ነገር ጠየቀኝ። አጥሚት ያለበት ቤት ፍለጋ ሄድን።